የስታቲስቲክስ ፋይናል ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ከኦውትላይኑ ያወጣሁትን ፕሮግራም እዩልኝ

ጠይም_ዕንቁ · ሰኞ ጠዋት

ሰላም ናችሁ? ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የስታቲስቲክስ መግቢያ ፋይናላችን የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መምህራችን ሴሚስተሩ ሲጀመር ቴሌግራም ላይ የጫነልንን ኦውትላይን አያይዤዋለሁ። አራት ገጽ ፒዲኤፍ ነው።

ዘጠኝ ቻፕተር አለው። መግቢያ፣ ዳታ አሰባሰብና አቀራረብ፣ አማካይና መሰሎቹ፣ የስርጭት መለኪያዎች፣ ፕሮባብሊቲ፣ ፕሮባብሊቲ ዲስትሪቢውሽን፣ ሳምፕሊንግ፣ ኢስቲሜሽንና ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግ፣ መጨረሻ ላይ ሪግሬሽንና ኮሪሌሽን።

14 ቀን ለ9 ሳካፍለው ለአንድ ቻፕተር አንድ ቀን ተኩል ገደማ ደረሰው። ከአንድ ጀምሬ በቅደም ተከተል እሄድና ዘጠነኛውን እሁድ ማታ እጨርሳለሁ። በባለ ቀለም እስክሪብቶ ሠርቼ አልጋዬ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ያምራል ደግሞ።

የዶርም ልጆች አይተው ሳቁ። ምኑ እንደሚያስቅ ግን ማንም አልነገረኝም። ሚድ ላይ ከ25 14 ነው ያመጣሁት። ፋይናሉ 50 ይይዛል። ምኑን ላስተካክል?

---

ቸካዩ · ሰኞ ጠዋት

ኦውትላይን ለፋይል ነው የሚጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ያለፉትን ዓመታት ፋይናሎች ከሲኒየሮች ሰብስቢ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሥሪያቸው፣ አለቀ። እኔ ኤ ያመጣሁት በዚህ ነው። ፕሮግራም እያወጡ ግድግዳ ማስጌጥ የፍሬሽ ነገር ነው።

---

12ኛ_ክፍል_ነኝ · ሰኞ ጠዋት

ለማትሪክም በሁለት ሳምንት ይደረሳል ማለት ነው? የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍም ይጨመራል ወይስ የ11ኛና የ12ኛ ብቻ? ኦውትላይኑን የት ነው የማገኘው?

---

ባሻ_ካልኩሌተር · ሰኞ ረፋድ

ወንድሜ ይሄ የካምፓስ ኮርስ ነው። ያንተ ሌላ ነው። መምህርህን ጠይቅ።

---

የድሮ_መምህር · ሰኞ ከሰዓት

ይህን ኮርስ ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ፒዲኤፍሽን ከፍቼ አየሁት።

ልጆቹ የሳቁበትን ልንገርሽ። ፕሮግራምሽ ላይ ሦስት ስህተት አለ። ሦስቱም ደግሞ ከዚያው ኦውትላይን ላይ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ከርዕሶቹ በስተቀኝ የሰዓት ዓምድ አለ። ተማሪ አያየውም። መግቢያው 3 ሰዓት ተብሎ፣ ስምንተኛው ቻፕተር 8 ሰዓት ተሰጥቶታል። አንቺ ግን ለሁለቱም እኩል አንድ ቀን ተኩል ሰጠሻቸው። መግቢያው ላይ ያለው ትርጉምና የመለኪያ ዓይነት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስምንተኛው አንድ ቀን ተኩል ብቻ ካገኘ ግን ገና ሳይገባሽ ታልፊዋለሽ።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። የግምገማው ሰንጠረዥ ሥር በትንሽ ፊደል "ሚድ፦ ከቻፕተር 1 እስከ 4" ይላል። ፋይናሉ ሁሉንም ሊያካትት ይችላል፣ ግን ክብደቱ ከአምስት በኋላ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። አንቺ የመጀመሪያውን ስድስት ቀን አንዴ በተፈተንሽበት ላይ ልትጨርሺ ነው። ከባዱን ደግሞ ድካም ላይ ልታደርጊው።

ሦስተኛው፣ ዘጠነኛውን እሁድ ማታ ጨርሰሽ ሰኞ ጠዋት ትፈተኛለሽ። የዛሬውን ቻፕተር ያን ጊዜ ካነበብሽው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። መልሰሽ የምታዪበት አንድም ሰዓት የለም።

ቸካዩ ያለው ግማሹ ልክ ነው። የድሮ ፈተና ሳይሠሩ መግባት ሞኝነት ነው። ግን አንቺ አሁን ያያያዝሽው ኦውትላይን ስምንተኛ ቻፕተር መጨረሻ ላይ የቻይ ስኩዌር ቴስት አለ። የሲኒየሮችሽ ፈተና ላይ መኖሩን ፈልጊ። ከሌለ፣ ያኔ ኮርሱ ውስጥ አልነበረም ወይም አልተማሩትም ማለት ነው። የድሮ ፈተና ብቻ የሠራ ልጅ እዚያ ላይ ባዶ ወረቀት ይሰጣል።

---

ቸካዩ · ሰኞ ከሰዓት

እኛ ጊዜ ቻይ ስኩዌር አልነበረም፣ እውነት ነው። እሺ ለሱ ብቻ ኦውትላይን ይታይ 😄

---

ጠይም_ዕንቁ · ሰኞ ማታ

መምህር አመሰግናለሁ፣ ግድግዳዬን ግን አፈረሱብኝ። ሲኒየር ጋ ያገኘሁትን ፋይናል አየሁት፣ ቻይ ስኩዌር የለም። እኛ ግን ተምረናል፣ አሳይመንትም ነበረው።

እና አሁን ምን ላድርግ? ለስታቲስቲክስ በቀን ሦስት ሰዓት አለኝ፣ ሁለት ሌላ ፈተናም አለብኝ። ቅዳሜ አምስት ሰዓት እችላለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ።

---

የድሮ_መምህር · ሰኞ ማታ

ጥሩ፣ ሰዓትሽን መናገርሽ ደስ ይላል። ብዙ ሰው "ቀኑን ሙሉ አጠናለሁ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሥራ ቀን 10፣ በሦስት 30 ሰዓት። ሁለት ቅዳሜ 10። ሁለት እሁድ 4። ድምሩ 44 ነው። ከዚህ ላይ 8 ሰዓት አንሺና ለምንም አትመድቢው። መብራት ይሄዳል፣ ራስ ይታመማል፣ አንዱ ቻፕተር ከታሰበው በላይ ይወስዳል። ባዶ ሰዓት የሌለው ፕሮግራም በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፣ ከዚያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

36 ቀረሽ። 24ቱ ለቻፕተሮቹ፣ 6ቱ በየቀኑ ያለፈውን ለማየት፣ 6ቱ ደግሞ ሰዓት ይዘሽ ለምትሠሪያቸው ሁለት የሙከራ ፈተናዎች። ሁለት ሰዓት ፈተና፣ አንድ ሰዓት እርማት፣ ሁለት ጊዜ።

24ቱን የምናከፋፍለው የኦውትላይኑን የሰዓት ዓምድ ይዘን፣ ሚድ የወሰዳቸውን እየቀነስን ነው። አንድና ሁለት አብረው 2 ሰዓት። ሦስትና አራት አብረው 3። ፕሮባብሊቲ 4፣ ዲስትሪቢውሽን 5፣ ሳምፕሊንግ 2፣ ስምንተኛው 6፣ ሪግሬሽን 2።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ስምንተኛው የሚቆመው በሰባተኛው ላይ ነው፣ ሰባተኛው በስድስተኛው፣ ስድስተኛው በአምስተኛው። እነዚህን ማዘበራረቅ አይቻልም። ስለዚህ ነገ ከአምስተኛው ትጀምሪያለሽ። ሪግሬሽን ግን ነጻ ነው። በመሠረቱ ከአማካይና ከስርጭት መለኪያዎች ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ስለዚህ ዘጠነኛውን ከሦስትና አራት ጋር አጎራብቺው፣ አንዱ ሌላውን ያስታውስሻል። አንድና ሁለት መጨረሻ አካባቢ ይምጡ፣ ለመርሳትም ጊዜ እንዳያገኙ።

ነገ ከመጀመርሽ በፊት ግን ዛሬ ማታ የሲኒየርሽን ፋይናል ምንም ሳታጠኚ፣ ሃንድአውት ሳትከፍቺ ሥሪው። ትወድቂያለሽ፣ ምንም አይደል። ከዚያ ኦውትላይኑን አውጪና ከያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ ጎን ሠራሁት፣ ጀምሬ ቆምኩ፣ ከየት እንደሚጀመር አላወቅኩም ብለሽ ምልክት አድርጊ። ይህ ከባዶ ሰዓትሽ ላይ 3 ይወስዳል፣ ይገባዋል።

---

ማታ_ተማሪ · ሰኞ ሌሊት

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ቀን ባንክ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይኸው ኮርስ አለብኝ፣ ኦውትላይናችን በስም ካልሆነ አንድ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያለኝ፣ እሱም ልጆቹ ሲተኙ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብደምረው 21 ሰዓት ነው። እኔስ የቱን ልጣለው? ሙከራ ፈተናዎቹን ብተዋቸው 6 ሰዓት ይተርፈኛል ብዬ ነበር።

---

የድሮ_መምህር · ማክሰኞ ጠዋት

እመቤት፣ ሙከራውን አይተዉት። አንዱን ቢተዉ ይገባኛል፣ ሁለቱንም አይሆንም። የሚተወው ካለ አንድና ሁለትን ይተዉ፣ ሦስትና አራትን ከሪግሬሽን ጋር ብቻ ይዩ። ባንክ ስለሚሠሩ ሂስቶግራምና ፐርሰንታይል ማንበብ አዲስ አይሆንብዎትም። ከ21ዱ ሦስቱን ባዶ ያድርጓቸው፣ ልጆችም ይታመማሉ።

---

ማታ_ተማሪ · ማክሰኞ ጠዋት

ባንክ ውስጥ ሂስቶግራም አይቼ አላውቅም መምህር 😅 ገንዘብ ነው የምንቆጥረው። ግን ገባኝ።

---

ጠይም_ዕንቁ · ማክሰኞ ማታ

ትናንት ማታ ሠራሁት። ከ50 11። አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ምልክት ሳደርግ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ኦውትላይኑ ላይ "ስለ ፖፑሌሽን አማካይ ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግ" የሚለው አንድ መስመር ነው። ምልክት ላደርግበት ስል አልቻልኩም። አንዱን ዓይነት ሠርቻለሁ፣ ሌላውን አላውቅም። ሠራሁት ልበል አላውቅም ልበል?

---

የድሮ_መምህር · ማክሰኞ ማታ

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። ኦውትላይን ላይ ያለ መስመር የትምህርት ርዕስ ነው። ፈተና ላይ የሚመጣው ደግሞ የጥያቄ ዓይነት ነው። ያንን አንድ መስመር እንበትነው።

የፖፑሌሽኑ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ተሰጥቶሻል፣ ዘድ ትጠቀሚያለሽ። ይህ አንድ። አልተሰጠሽም፣ ግን ሳምፕሉ ትልቅ ነው፣ ለምሳሌ 64 ሰው። አብዛኛው የእኛ አገር ሃንድአውት አሁንም ዘድ ይላል፣ የመምህርሽን ተከተይ። አልተሰጠሽም፣ ሳምፕሉም 16 ነው፣ ያን ጊዜ ቲ ነው፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 15። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጎንና በሁለት ጎን ይመጣሉ። "ተለውጧል ወይ" ካለ ሁለት ጎን፣ "ጨምሯል ወይ" ካለ አንድ ጎን።

አየሽ፣ አንዱ መስመር ስድስት ጥያቄ ወለደ። "የመለኪያ ዓይነቶች" የሚለው መስመር ግን ብትጨምቂው አንድ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው መስመር ቆጥሮ ቀን ማካፈል የማይሠራው። ፕሮግራሙን በእነዚህ ጥያቄዎች ጻፊው። "ቻፕተር 8" ብለሽ አትጻፊ፣ "ቲ፣ አንድ ጎን፣ ሦስት ጥያቄ" ብለሽ ጻፊ። ማታ ላይ መጨረስሽን ታውቂያለሽ። "ቻፕተር 8" ግን መቼም አያልቅም።

---

ባሻ_ካልኩሌተር · ማክሰኞ ማታ

አንድ ልጨምር። ካልኩሌተራችሁ ስታት ሞድ ላይ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ያወጣል። አንዱ `σx`፣ ሌላው `sx`። ሳምፕል ከሆነ `sx` ነው፣ ለ n − 1 የሚያካፍለው። እኔ ፋይናል ላይ በሙሉ `σx` እየተጠቀምኩ ነበር። ሥራው ሁሉ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ሁሌም ትንሽ ይጎድላል። መምህሩ "ምን ሆነህ ነው" ብሎ ነበር የጻፈልኝ።

---

ጠይም_ዕንቁ · ቅዳሜ ማታ

ሪፖርት ላቅርብ። ፕሮባብሊቲ ማክሰኞና ረቡዕ አለቀ። ዲስትሪቢውሽን ሐሙስ ማለቅ ነበረበት ማለት ይቻላል፣ ግን ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። ላይብረሪው ጀነሬተር አለው ቢባልም ስንሄድ ተዘግቷል። በስልክ መብራት ትንሽ ሞከርኩ፣ ሠንጠረዡ ማንበብ አልቻልኩም። ስለዚህ ዲስትሪቢውሽን ወደ አርብ ተገፋ፣ ሳምፕሊንግ ወደ ዛሬ፣ ስምንተኛው ደግሞ ዛሬ ሁለት ሰዓት ይሠራል የተባለው ግማሽ ሰዓት ብቻ አገኘ።

አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቻለሁ። ቀጣዩን ሳምንት በሙሉ ልግፋው?

ሌላ ችግርም አለ። የዘድ ጥያቄ መልሴ ከሃንድአውቱ ጋር አይገጥምም። አማካይ 60፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽን 8 የሆነ ፈተና ላይ ከ70 በላይ ያመጣው ስንት በመቶ ነው ይላል።

```
z = (70 - 60) / 8 = 1.25
```

ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አይቼ ነበር፣ ሰውየው ከሠንጠረዡ ላይ ያየውን ከ1 ይቀንሳል። እኔም ከእኛ ሠንጠረዥ 0.3944 አግኝቼ ከ1 ቀነስኩ፣ 0.6056 መጣ። ሃንድአውቱ 0.1056 ይላል።

---

ቸካዩ · ቅዳሜ ማታ

ሃንድአውቱ ተሳስቷል። ብዙ ቦታ የታይፕ ስህተት አለው።

---

የድሮ_መምህር · ቅዳሜ ማታ

አልተሳሳተም። ሁለት ዓይነት ሠንጠረዥ አለ። በእኛ ሃንድአውቶች ላይ የሚበዛው ከመሃል፣ ማለትም ከዜሮ ጀምሮ እስከ ዘድ ያለውን ስፋት የሚሰጥ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ደግሞ ከግራ ጫፍ ጀምሮ የሚቆጥር ነው። በእሱ ሠንጠረዥ 1.25 ላይ 0.8944 ነው የሚገኘው፣ ከ1 ቢቀንስ 0.1056 ይመጣል። በአንቺ ሠንጠረዥ 0.3944 ነው፣ ስለዚህ የምትቀንሺው ከ0.5 ነው። መልሱ አንድ ነው፣ 0.1056።

የትኛው እንደተሰጠሽ ለማወቅ 1.96ን ፈልጊ። 0.4750 ካለ ከመሃል ነው፣ 0.9750 ካለ ከግራ። ፈተና ክፍል ስትገቢ የመጀመሪያ ሥራሽ ይህ ይሁን፣ ምክንያቱም ከፈተናው ጋር የሚያያዘው ሠንጠረዥ ከሃንድአውቱ ሊለይ ይችላል።

ደግሞም ያለ ሠንጠረዥም ትያዢው ነበር። 70 ከአማካዩ በላይ ነው። ከአማካዩ በላይ ካለ ነጥብ በላይ ያለው ሰው እንዴት ከግማሽ ይበልጣል? 0.6056 ሲመጣ እዚያው መደንገጥ ነበረብሽ።

ስለ መዘግየቱ፣ ምንም አትግፊ። ነገ እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሆን ብለን ባዶ ያደረግነው ለዚህ ነው። አንዱን ሰዓት ተኩል ለስምንተኛው ስጪ፣ ግማሽ ሰዓት ይተርፍሻል። ሰኞ በፕሮግራሙ መሠረት ትቀጥያለሽ።

---

ቸካዩ · ቅዳሜ ማታ

እሺ ሃንድአውቱ ልክ ነው። እኔ ግን ያንን ሠንጠረዥ ሳላውቀው ነው ኤ ያመጣሁት ማለት ነው 🤔

---

ጠይም_ዕንቁ · ሐሙስ ማታ

የመጀመሪያውን ሙከራ ዛሬ ሠራሁ። ሁለት ሰዓት ቆጥሬ፣ ስልኬን ለዶርም ልጅ ሰጥቼ። ከ50 24። ከ11 ይሻላል፣ ግን ይህን ሁሉ አጥንቼ ከግማሽ በታች ነኝ።

የሚያናድደው ደግሞ ስሠራቸው የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው። ስድስተኛ ቻፕተርን ሳጠና ባይኖሚያልን አንድም አልሳትኩም ነበር። ፈተናው ላይ ግን "አንድ ሆቴል በሰዓት በአማካይ 3 የስልክ ጥሪ ይደርሰዋል፣ በሚቀጥለው ሰዓት 2 የመድረሱ ፕሮባብሊቲ" የሚለውን በባይኖሚያል ልሠራ ታገልኩ። n ስንት እንደሆነ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

---

ማታ_ተማሪ · ሐሙስ ማታ

እኔም! እኔ ደግሞ ቲ ያለበትን በዘድ ሠራሁ። ከባሌ ጋር እርማቱን ስናይ "አውቀሽው ነበር እኮ" አለኝ። አውቄው ነበር።

---

የድሮ_መምህር · ሐሙስ ማታ

ሁለታችሁም ያጋጠማችሁ አንድ ነገር ነው። ባይኖሚያል በሚለው ርዕስ ሥር ያለውን ጥያቄ ስትሠሩ ርዕሱ መልሱን ነግሯችኋል። ፎርሙላውን መምረጥ አልተለማመዳችሁም፣ ማስላት ብቻ ነው የተለማመዳችሁት። ፈተና ላይ ደግሞ ርዕስ የለም።

n ፈልገሽ ማጣትሽ ራሱ መልሱ ነበር። የሙከራው ብዛት ከታወቀ፣ እንደ "ከ10 አምፖል"፣ ባይኖሚያልን አስቢ። ብዛቱ ከሌለና በሰዓት፣ በገጽ፣ በቀን የሚል አማካይ ብቻ ከተሰጠ ፖይሰን ነው።

ስለዚህ የቀሩትን ቀናት ትንሽ እንለውጣቸው። ነገ አርብ አንድና ሁለትን ካየሽ በኋላ የምትተርፍሽን ግማሽ ሰዓት ለዚህ አውይው። ከወርክሺቶቹ 20 ጥያቄ ያህል በትንንሽ ወረቀት ጻፊ፣ የቻፕተር ቁጥር ሳትጽፊ፣ ዓይነቱን ከጀርባው አድርጊ። አዘበራርቂያቸው። አንዱን ባነሳሽ ቁጥር አታስይ። ምን እንደሆነ ብቻ ተናገሪ። ፖይሰን፣ ቲ ሁለት ጎን፣ ኮንዲሽናል ፕሮባብሊቲ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠሽ እዪ። አንዱ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ቅዳሜ ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ድገሚው።

---

ባሻ_ካልኩሌተር · ሐሙስ ማታ

ከዶርም ልጅ ጋር ቢሠሩት ይሻላል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል። የተሳሳተ ሻይ ይጋብዛል። እኔ በሻይ ነው የከሰርኩት።

---

ጠይም_ዕንቁ · ቅዳሜ ማታ

ሁለተኛው ሙከራ 33። ከዶርም ልጆች ጋር ወረቀቱን ሠራን። ሦስቱ የሳቁብኝ ልጆች ናቸው የሠሩት፣ አሁን እነሱም ኦውትላይኑን ፕሪንት አድርገዋል። ሻይ አራት ጊዜ ጋብዣለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ዘጠነኛው ኦውትላይኑ ላይ አለ፣ ግን መምህራችን የመጨረሻውን ሳምንት አንዴ ብቻ ነው የገባው። ኮሪሌሽንን አስተማረን፣ ሪግሬሽን ላይ ሳይደርስ ሴሚስተሩ አለቀ። ክላስ ተወካያችን ሲጠይቀው "ኦውትላይኑ ላይ ያለው ሁሉ ይጠየቃል" ብሎታል። ሰው ግን እንደዚያ የሚለው ለማስፈራራት ነው ይላል።

---

ቸካዩ · ቅዳሜ ማታ

ያላስተማረውን አይጠይቅም። ዝለይው፣ ያንን ሰዓት ለስምንተኛው ስጪ።

---

የድሮ_መምህር · ቅዳሜ ማታ

እኔ ብሆን አልጠይቅም ነበር። ግን የእሱን ፈተና የሚያወጣው እሱ ነው። ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሰጥተሽው ነበር፣ ኮሪሌሽኑን ከሠራሽው ድምሮቹ በሙሉ በእጅሽ ናቸው። የሪግሬሽን መስመሩ ተዳፋት ከነዚያው ድምሮች ነው የሚወጣው። ነገ ከባዶው ግማሽ ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ሥሪ። ከዚያ በላይ አትስጪው።

---

ቸካዩ · ቅዳሜ ማታ

አሁንም አልስማማም። ፈተና ዋዜማ አዲስ ነገር መንካት ያምታታል።

---

ማታ_ተማሪ · እሁድ ከሰዓት

እኔ ዘልዬዋለሁ። ልጄ ትኩሳት አለው፣ ባዶ ያደረግኳቸው ሦስት ሰዓቶች አልቀዋል። መምህር፣ እንዳሉት ሆነ።

---

የድሮ_መምህር · እሁድ ከሰዓት

እግዚአብሔር ይማርልዎት። ዘድ ሠንጠረዡ ላይ 1.96ን ማየቱን ብቻ አይርሱ።

---

ጠይም_ዕንቁ · ሰኞ ከሰዓት

ወጣሁ። ሠንጠረዡ ከግራ የሚቆጥረው ነበር! 0.9750። ሃንድአውታችን ላይ ያለው ሌላ ነው፣ ብዙ ልጅ ከ0.5 ሲቀንስ ነበር፣ ሲወጡ እየተጯጯኹ ነው። ቻይ ስኩዌር 8 ማርክ ይዞ መጥቷል። አንድ ጥያቄ ላይ ቲ ይሁን ዘድ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሳምፕሉ 30 ነበር፣ በትክክል 30።

ከዘጠነኛው ኮሪሌሽን ብቻ ነው የመጣው፣ ተዳፋት የለም። ቸካዩ ደስ ይበልህ።

---

ቸካዩ · ሰኞ ከሰዓት

አላልኩም? 😄 የ30ውን ግን ቲ ነው እኔ የምለው።

---

ባሻ_ካልኩሌተር · ሰኞ ከሰዓት

ዘድ ነው። 30 ትልቅ ነው ይባላል።

---

የድሮ_መምህር · ሰኞ ማታ

የመምህሯ ሃንድአውት "30 እና ከዚያ በላይ" ይላል ወይስ "ከ30 በላይ"? በእሱ ነው የሚወሰነው። ጠይም_ዕንቁ፣ ገጹን ፎቶ አንሥተሽ ላኪው።

---

12ኛ_ክፍል_ነኝ · ሰኞ ማታ

ይሄ የወረቀት ነገር ለፊዚክስም ይሠራል?